የሳባችሁትን ሸለፈት መልሱ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ ወንድ ልጅ ሸለፈት ነው የምጽፈው። አፍራችሁ እንዳትዘልሉት። በኛ አካባቢ ይህ ነገር የሚነሳው በግርዛት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ ችግር ሲመጣ ሰው ዝም ይላል። ልጁ ለእናቱ አይናገርም፣ እናት ለአባት ትደብቃለች፣ ትልቁ ሰውዬ ደግሞ ለማንም ሳይናገር ፋርማሲ ሄዶ መርፌ ይገዛል። ዝምታው በሰዓት የሚቆጠር ችግርን ወደ ቀን ያሳድገዋል። እዚህ ጋ ደግሞ ቀን ብዙ ነው።

«እኛ ጋ ሁሉም ይገረዝ የለ እንዴ፣ ምን አሳሰበህ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በኢትዮጵያ ከመቶ ዘጠና የሚሆነው ወንድ የተገረዘ ነው። ግን መቼ ተገረዘ? በኦርቶዶክሱ ቤት ልማዱ ስምንተኛው ቀን ነው። በከሚሴና በዙሪያዋ ባለው ሙስሊም ቤት ግን ቀኑ እንዲያ የተቆረጠ አይደለም። አንዱ በሕፃንነቱ ይገረዛል፣ ሌላው አዝመራ እስኪገባ፣ ወንድሙ እስኪደርስ፣ አባቱ ከአረብ አገር እስኪመለስ እየተባለ አምስት ስድስት ዓመት ይሞላዋል። የዛሬው ጽሑፌ በዚህ መሀል ስላለው ልጅ ነው። በተጨማሪም ሳይገረዙ ስላደጉ ወንዶች ነው፤ እነሱም ከመካከላችን አሉ።

መጀመሪያ ሰው የሚሳሳትበትን እናጥራ። የትንሽ ልጅ ሸለፈት ወደ ኋላ አለመሳቡ በሽታ አይደለም። ሕፃን ሲወለድ የሸለፈቱ ውስጠኛ ገጽ ከብልቱ ራስ ጋር ተጣብቆ ነው የሚወለደው። ጥፍር ከሥጋው ጋር እንደተያያዘ አስቡት። በጊዜው ራሱ ይላቀቃል። ያኮብ ኦስተር የሚባል የዴንማርክ ሐኪም እድሜያቸው ከ6 እስከ 17 ዓመት የሆኑ ተማሪዎችን ለዓመታት ሲመረምር ቆይቶ ውጤቱን በ1968 (እ.ኤ.አ.) አሳትሟል። በ6 እና 7 ዓመት ላይ ካሉት ልጆች ከመቶ ስምንቱ ሸለፈታቸው ጠባብ ነበር። በ16 እና 17 ዓመት ላይ ግን ጠባብ ሆኖ የቀረው ከመቶ አንዱ ብቻ ነበር። ማንም ሳይጎትተው፣ ማንም ሳይቆርጠው፣ እድሜ ብቻ ፈታው ማለት ነው።

ስለዚህ የሦስት ዓመት ልጅ ሲሸና ሸለፈቱ እንደ ፊኛ ትንሽ ተነፍቶ ቢመለስ፣ ልጁም ካላመመውና ሽንቱ ካልተቋረጠ፣ አትደንግጡ። ከቆዳው ሥር ነጭ ፍሬ የመሰለ ነገር ቢታያችሁም መግል አይደለም። ሁለቱ ቆዳዎች ሲላቀቁ የሚረግፈው የሞተ ቆዳ ተጠራቅሞ ነው፣ በጊዜው ራሱ ይወጣል።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። የሸለፈቱ አፍ ነጭና ደረቅ ሆኖ እንደ ጠባሳ ከጠነከረ፣ ልጁ ሲሸና እያማጠ ሽንቱ እንደ ክር ከቀጠነ፣ ወይም ደጋግሞ እያበጠና እየቀላ ካስቸገረ ሐኪም ይየው። በዚያን ጊዜም ቢሆን ሁሌ ቢላ አይደለም መልሱ። ቤታሜታዞን የሚባል 0.05 ከመቶ የሆነ ክሬም በጠባቡ ቀለበት ላይ በቀን ሁለት ጊዜ በስሱ እየተቀባ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሲቆይ ብዙዎቹን ልጆች ያላቅቃቸዋል። ይህን ግን ያየው ሐኪም ይዘዘው እንጂ ከጎረቤት ቱቦ እየተቀባበላችሁ አትቀቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ችግሩን ብዙ ጊዜ የምንፈጥረው እኛው ነን፣ በመሳብ። እናት «ውስጡ ቆሽሿል» ብላ ስታጥበው ትስበዋለች። ለሶላት ንጽህና የለመደ ቤት ሲሆን ደግሞ ልጁ ራሱ ታላላቆቹን አይቶ ይስበዋል። በግድ የተሳበ ሸለፈት ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ስንጥቁ ሲድን ጠባሳ ይተክላል። ትናንት ጤነኛ የነበረው ጥበት ከዚያ ወዲህ እውነተኛ በሽታ ይሆናል። የልጅ ሸለፈት ከውጭ በውኃ መታጠብ ይበቃዋል። ልጁ አድጎ ራሱ ሳያመው መሳብ ሲችል ስቦ ይታጠብ፣ ከዚያ ይመልስ። «ይመልስ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ።

የባሰው ነገር ተስቦ ሳይመለስ ሲቀር ነው። በሕክምና ቋንቋ ፓራፊሞሲስ ይባላል። ጠባቡ የሸለፈት አፍ ከብልቱ ራስ ጀርባ ይቀመጥና እንደ ቀለበት ያንቃል። ቀጭን የጎማ ላስቲክ ጣታችሁ ላይ ጠምጥማችሁ ታውቁ የለ? መጀመሪያ የሚታገደው ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ነው፤ ስለዚህ ከቀለበቱ ፊት ያለው ሁሉ ያብጣል። እብጠቱ ራሱ ቀለበቱን የበለጠ ያጠብቀዋል፣ ቀለበቱ ሲጠብቅ እብጠቱ ይጨምራል። ካልተፈታ በመጨረሻ የሚገባው ደምም ይቆማል። በመጀመሪያው ሰዓት በእጅ የሚመለሰው ነገር በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ሊፈልግ ይችላል።

አንድ ልጅ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ ቀይሬያለሁ። ልጁ 6 ዓመቱ ነው፣ ክብደቱ 18 ኪሎ። ግርዛቱ ከአዝመራ በኋላ ተብሎ ተቀጥሯል። ማታ አክስቱ ስታጥበው ሸለፈቱን ሳበችው፣ ልጁ ጮኸ፣ እሷም ደንግጣ እንደተሳበ ተወችው። ሌሊቱን አላስተኛውም። ጠዋት አብጦ ሲያዩት ቅቤ ቀቡት። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ገራዥ ተጠራ። ገራዡ «ያበጠውን ቆርጬ ላንሳው፣ አንድ ፊቱን ይገረዛል» አለ። አባትየው እንቢ ብሎ ተሸክሞት መጣ። ያ እንቢታ ልጁን አትርፎታል እላለሁ። ያበጠ ቆዳ ላይ ግርዛት ሲሠራ ደሙ ብዙ ነው፣ ጤነኛውና የሚቆረጠው ድንበራቸው አይታይም፣ ቁስሉም ቶሎ ያመረቅዛል።

እኛ ጋ ሲደርስ 20 ሰዓት ገደማ አልፎታል። መጀመሪያ ያየነው ቀለሙን ነው። የብልቱ ራስ ወደ ሰማያዊ ያደላ ቀይ ነበር፣ ግን አልጠቆረም። ሲነካ ለስላሳና ሙቅ ነው፣ ልጁም ሽንት ሸንቷል። ይህ ማለት ደሙ ገና እየገባ ነው፣ ለመሞከር ጊዜ አለን። 250 ሚሊ ግራም ፓራሲታሞል ሽሮፕ አጠጣነው፣ የሚያደነዝዘውን የሊዶካይን ጄል ቀባነው።

ቀጥሎ ያደረግነው ብዙ ሰው ያስቃል። ስኳር! ቡና ላይ የምንጨምረው ነጭ ስኳር። ቆዳው ያልተቀደደ መሆኑን ካየን በኋላ ስኳሩን እብጠቱ ላይ ነሰነስነው፣ በጎዝ ሸፍነን አንድ ሰዓት ያህል ተውነው። ሥራው ቀላል ነው። ሎሚ ላይ ስኳር ብትነሰንሱ ውኃውን ይስበው የለ? እዚህም ያበጠው ቆዳ ውስጥ ያለውን ውኃ እየሳበ ያወጣዋል። ከሰዓት በኋላ ጎዙ ርሷል፣ እብጠቱም ለስልሷል።

ከዚያ የእጅ ሥራ ነው። ያበጠውን በመዳፍ ጨብጦ ሳያላሉ፣ ሳያስጮሁም፣ እኩል ጫና እየሰጡ አሥር ደቂቃ መያዝ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ይይዝና «እንቢ አለ» ይላል። ሰዓታችሁን እያያችሁ ያዙ። እብጠቱ ሲሟሽሽ ሁለቱን አውራ ጣቶች የብልቱ ራስ ላይ አድርጎ ወደ ውስጥ መግፋት፣ በሌሎቹ ጣቶች ደግሞ ከኋላ ያለውን ቀለበት ይዞ ወደ ፊት ማምጣት። ራሱ ይገባል፣ ቆዳው ይመጣል። በዚህ ልጅ ሁለተኛው ሙከራ ላይ ተመለሰ። ሽንት ሸንቶ እስክናይ አቆየነው። ለቤተሰቡ ሁለት ነገር ነገርናቸው። ለጥቂት ሳምንት ማንም እንዳይስበው፣ ግርዛቱም እብጠቱና ቁስሉ ፈጽሞ ከዳነ በኋላ በጤና ተቋም እንዲሆን።

ባይመለስስ? ያኔ ደንዝዞ ቀለበቱ ከላይ በኩል ይሰነጠቃል። ይህ የሐኪም ሥራ ነው። የብልቱ ራስ ከጠቆረ፣ ከቀዘቀዘ፣ ስሜት ካጣ፣ ወይም ልጁ ሽንት መሽናት ካቃተው ደግሞ ስኳርም ጭበጣም ሳይሞከር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ከአርጡማ ወይም ከደዌ ሀረዋ ገጠር የሚነሳ ሰው መኪና እስኪያገኝ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ልጁ ሲጮህ ያን ጊዜውኑ፣ እብጠቱ ገና ሳይመጣ፣ ረጋ ብላችሁ በትንሽ ቫዝሊን አንዴ ለመመለስ ሞክሩ። እንቢ ካለ አትታገሉ፣ ተነሱና ሂዱ። «ይደር፣ ጠዋት እናያለን» የሚባል ነገር የለም።

ያበጠ ሁሉ ግን ይህ አይደለም፣ ቤት ውስጥ መለየት ይቻላል። አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የብልቱ ራስ ይታያል ወይስ ተሸፍኗል? ያልተገረዘ ልጅ ሆኖ ራሱ ወጥቶ ከኋላው የቀለበት እብጠት ካለ የተነጋገርንበት ነው፣ አትቆዩ። ራሱ እንደተሸፈነ ሸለፈቱ ቀልቶ ካበጠና ፈሳሽ ካለው ደግሞ የቆዳው መቆጣት ነው። ይህ በንጹሕ ለብ ያለ ውኃ እየተዘፈዘፈና በሐኪም በታዘዘ ቅባት ይድናል። እንዳይሳብ፣ ሳሙናና ዴቶል እንዳይነካው። የተገረዘ ሕፃን ብልቱ ጫፍ በድንገት ካበጠ ግን ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ የእናት ፀጉር ወይም የልብስ ክር ተጠምጥሞ ሊሆን ይችላል። እሱም እንደ ቀለበቱ ያንቃል፣ ጊዜ አይሰጥም።

አሁን ደግሞ እናንተን፣ የድሮ ተማሪዎቼን። ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ በየጤና ጣቢያው ያላችሁ። መሳቡና አለመመለሱ የእናቶች ጥፋት ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። ሽንት እንቢ ብሏቸው የሚመጡ አዛውንቶች አሉ። ካልተገረዙ ካቴተር ለማስገባት ሸለፈቱን ወደ ኋላ ትስባላችሁ፣ ታጸዳላችሁ፣ ቱቦውን ታስገባላችሁ፣ ሽንቱ ሲወርድ ሁሉም ደስ ይለዋል። ጓንታችሁን አውልቃችሁ ትሄዳላችሁ። ሸለፈቱስ? እዚያው ኋላ ቀርቷል። አባባ አፍረው አይናገሩም፣ ወይም ሕመሙን «ከቱቦው ነው» ይሉታል። አስታማሚ ልጃቸው ደግሞ ብርድ ልብሱን ገልጦ የአባቱን ኀፍረት አያይም። በሁለተኛው ቀን ዶክተር ሲዞር እጅ የሚያክል እብጠት ያገኛል። በአንድ ተቋም ውስጥ እንዲህ ሆነው፣ ለሽንት የመጡት ሰው ለሌላ ነገር ሲቆረጡ አይቻለሁ። የጎደለው መድኃኒት አልነበረም፣ ዕቃም አልነበረም። ሦስት ሰከንድ ነው የጎደለው።

የኔ አቋም ይህ ነው። ካቴተር ካስገባችሁ በኋላ በካርዱ ላይ የቱቦውን ቁጥርና የወረደውን ሽንት መጠን እንደምትጽፉት ሁሉ «ሸለፈት ወደ ቦታው ተመልሷል» ብላችሁ ጻፉ። ከተገረዘም «የተገረዘ» ብላችሁ ጻፉ። ፈረቃ ስትቀያየሩም ተረካቢው ብርድ ልብሱን ገልጦ ይይ። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም፣ ስልጠናም አያስፈልግም። አንድ መስመር ነው። ያልተጻፈ ነገር ይረሳል፣ የሚጻፍ ነገር ግን ከመጻፉ በፊት መደረግ አለበት። መስመሯ የምትጠቅመው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው ነገር ስለ ትልልቆቹ ወንዶች ነው። ሳይገረዝ ያደገና እስከ አርባ ምናምን ዓመቱ ያለ ችግር ሲስብ ሲመልስ የኖረ ሰው ሸለፈቱ በድንገት መጥበብ ቢጀምር፣ ጠርዙ እየተሰነጠቀ ቢደማ፣ ቢያሳክከው፣ ሰውየው መጀመሪያ የሚያስበው የአባላዘር በሽታ ነው። ሚስቱን ይጠረጥራል፣ ወይም እሷ እሱን። መርፌ ይወጋል፣ አይድንም። ሌላ መርፌ ይጨምራል፣ ይባስበታል። የአባላዘር በሽታ ሊሆን ይችላል፣ ይመርመር። ግን እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው «ውኃ ይጠማሃል? ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት ትነሳለህ?» ብዬ ነው። የስኳር በሽታ ሲኖር ሽንቱ ውስጥ ስኳር ይወጣል፣ ከሸለፈቱ ሥር ይቀራል፣ ፈንገስ ደግሞ ስኳር ይወዳል። ቆዳው ይቆጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ሲድን ይጠባል፣ እንደገና ይሰነጠቃል። ብዙ ሰው ስኳር እንዳለበት ያወቀው በዚህ በኩል ነው።

ምርመራው ጣት ተወግቶ የሚታይ ነው። ምግብ ሳይበላ አድሮ 126 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ በሌላ ቀንም ከተደገመ፣ ስኳር አለ ማለት ነው። ለፈንገሱ 1 ከመቶ የሆነ ክሎትሪማዞል ክሬም በቀን ሁለት ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል ይቀባል፣ ሚስቱም ካሳከካት አብራ ትታከማለች። ስኳሩ ሳይያዝ ግን ክሬሙ ባለቀ በወሩ ይመለሳል። ጠባሳው ከጸና መፍትሔው ግርዛት ነው፣ ለትልቅ ሰውም ይሠራል፣ ነውር የለውም። ስኳሩ መጀመሪያ ይውረድ እንጂ፤ አለበለዚያ ቁስሉ አይገጥምም። ከጠበበው ሸለፈት ሥር ጠጣር እብጠት የሚዳሰሰው፣ የማይድን ቁስል ያለው፣ ደም ወይም መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ የሚወጣው ሰው ግን ክሬም እየቀያየረ ወር አይቁጠር። የብልት ካንሰር ሳይታይ የሚያድገው እንዲህ ባለ የተዘጋ ቦታ ነው። ቶሎ ይታይ።

ይህ ሁሉ ግርዛትን መቃወም እንዳይመስላችሁ። ልጆቻችሁን በልማዳችሁና በእምነታችሁ ቀን ግረዙ። ሦስት ነገር ብቻ ጠብቁልኝ። ያበጠ ወይም የቆሰለ ቀን አይገረዝ። የሽንት ቀዳዳው ጫፉ ላይ ሳይሆን ከሥር በኩል ያለ ልጅ ጨርሶ ሳይታይ አይገረዝ፤ ያንን ለማስተካከል ሐኪሙ የሚጠቀመው ያንኑ ሸለፈት ነው። ተገርዞም ቆዳው ወደ ፊት ተመልሶ ራሱን የሸፈነውና እንደ ቀለበት የጠበበ ልጅ ካለ «ተገርዟል እኮ» ብላችሁ አትለፉት፣ ጠባሳው ነው የያዘው፣ ይታይ።

እስከ ግርዛቱ ቀን ድረስ ደግሞ አትሳቡ። የሳበ ሰው ካለ፣ እናትም ትሁን ነርስ፣ ሳይመልስ ከዚያ ቦታ አይነሳ።

ይህን ለአክስቶችና ለአያቶች አንብቡላቸው፣ ፌስቡክ የሌላቸው እነሱ ናቸው ልጆቹን የሚያጥቡት። አፋን ኦሮሞ የሚቀልላቸው ካሉም በቃል ተርጉሙላቸው። ጥያቄ ያለው ኮሜንት ላይ ይጻፍ፣ ያፈረ ኢንቦክስ ይላክ። የልጅ ፎቶ ግን እንዳትልኩልኝ፤ ልጁን ይዛችሁ ኑ።